የቅዱሳት ስሞች አጻጻፍ በቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ

የአብነት ተማሪ ፊደል ሲቆጥር በድምፅ አንድ የሆኑትን ፊደላት በስም እየለየ ይማራቸዋል። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ ይላል፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ ይላል፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ ይላል። አፉ አንድ አድርጎ የሚጠራቸውን ዓይኑ ለይቶ እንዲያውቃቸው መምህሩ ስም ሰጥቶ ያስተምረዋል። ይህ የተደረገበትም ምክንያት ግልጥ ነው፤ ፊደል የቃሉን ድምፅ ብቻ ሳይሆን የቃሉን ዘር ጠብቆ እንዲያቆይ ነው።

ይህን ማንሣታችን በዚህ ዘመን ስብከትም መዝሙርም ቅዳሴም በቪዲዮ እየተቀረጸ በየስልኩ ስለሚታይ፣ ከሥዕሉም በታች የሚነገረው ቃል እየተጻፈ ስለሚወጣ ነው። ይህ የግርጌ ጽሑፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከሥዕሉ ጋራ ተቀርጾ የማይለይ ነው። ሁለተኛው ግን ለብቻው በፋይል ተጽፎ ከቪዲዮው ጋራ የሚሄድ፣ ተመልካቹም ሲሻ የሚያበራው ሳይሻም የሚያጠፋው ነው። የዛሬው ነገራችን ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሁምቦ ባለው አገር የሚታዩትን መንፈሳውያን ቪዲዮዎች የሚከታተል ሰው በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነቀፋ ማግኘቱ አይቀርም፤ ይኸውም አንዱ ቻናል የአንዱን ቅዱስ ስም ዛሬ በአንድ መንገድ፣ በሳምንቱ በሌላ መንገድ መጻፉ ነው።

የነቀፋው መልክ እንዲህ ነው። የቪዲዮው ርእስ «ኢየሱስ» ሲል የግርጌው ጽሑፍ «እየሱስ» ይላል። «እግዚአብሔር» የሚለው ስም በአንዱ ቪዲዮ «እግዚአብሄር»፣ በሁለተኛው «እግዚያብሔር»፣ በሦስተኛው «እግዛብሄር» ሆኖ ይገኛል። «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ጸሎት» እና «ፀሎት»፣ «ትንሣኤ» እና «ትንሳኤ»፣ «መድኃኔ ዓለም» እና «መድሃኒአለም» በአንድ ቻናል ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህ የሚሆነው ጸሐፊዎቹ ስለ ነገሩ ግድ የሌላቸው ሆነው አይደለም። ሦስት ወጣቶች ሥራውን ተካፍለው እያንዳንዱ እንደ ጆሮው ሲጽፍ፣ የስልኩም መጻፊያ ሰን በአንድ ንክኪ ሲሰጥ ሠን ግን ፈልገው ወይም ጫን ብለው እንዲያወጡት ሲያደርግ፣ የቀረበው ፊደል የራቀውን እያሸነፈው ይሄዳል።

አንዳንድ ሰው «ድምፁ አንድ ከሆነ የፊደሉ ልዩነት ምን ይጎዳል?» ይል ይሆናል። ሰሚ ለሆነ ተመልካች በእውነት ብዙ አይጎዳም፤ ቃሉን ከሰባኪው አፍ ሰምቶታልና ጽሑፉ ለእርሱ መርጃ ብቻ ነው። ነገር ግን የግርጌ ጽሑፍ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው መስማት ለተሳነው ሰው ነው። ለእርሱ ከጽሑፉ በስተጀርባ የሚያርመው ድምፅ የለም፤ ያየው ፊደል እርሱ ራሱ ቃሉ ነው። ስለዚህ የዚህን ሥራ መልካምነትና ክፉነት የምንመዝነው በሚሰማው ሰው ሚዛን ሳይሆን በማይሰማው ሰው ሚዛን ሊሆን ይገባል።

በዚህ ሚዛን ሦስት የግእዝ ቃላትን እንመልከት። የመጀመሪያው «መሐረነ» ነው። በሐመሩ ሐ ሲጻፍ «ማረን» ወይም «ይቅር አለን» ማለት ነው፤ ምሕረት የሚለው ቃልም የወጣው ከዚሁ ነው። በሃሌታው ሀ «መሀረነ» ተብሎ ሲጻፍ ግን «አስተማረን» ማለት ይሆናል፤ መምህርና ትምህርት ከዚህ ወጥተዋልና። ካህኑ ምሕረትን ሲለምን ጽሑፉ ትምህርትን ይለምናል። ሁለተኛው «ሰአሊ» ነው። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ ሲጻፍ «ለምኚ» ማለት ሆኖ እመቤታችን የምትለመንበት ቃል ነው፤ በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ «ሠዓሊ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ሥዕል የሚሥል ሰው ማለት ነው። ሦስተኛው «ሠረቀ» ነው። ይህ በንጉሡ ሠ ሲሆን ፀሐይ ወይም ብርሃን ወጣ ማለት ነው፤ ምሥራቅም ከዚህ ተገኘ። በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ሲባል ግን የሌባ ሥራ ነው፤ ይህንንም ግእዝ የማያውቅ አማርኛ አንባቢ ሁሉ ወዲያው ይረዳዋል። ስለ ብርሃን መውጣት የሚዘመረው መዝሙር ከሥሩ በተጻፈው ፊደል ምክንያት ስለ ስርቆት የሚናገር መስሎ ሲታይ፣ ጥፋቱ የአንዲት ፊደል ብቻ ነው አይባልም።

ከዚህ ጋራ የማይተናነስ ሌላ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ንጉሡ ሠ የተቀደሱ ቃላት ፊደል ብቻ መስሎት ባገኘው ሁሉ ላይ ያስገባዋል። እንዲህም ሆኖ «ሠላም»፣ «ሠንበት»፣ «በሥመ አብ» የሚሉ አጻጻፎች ይታያሉ። ሰላምም ሰንበትም ስምም በግእዙ በእሳቱ ሰ የሚጻፉ ናቸው። «መምሕር» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ምሕረትን አስቦ ሐመሩን ሐ ያስገባ ሰው መምህሩን ከምሕረት ዘር አድርጎታል። ይህ ዓይነቱ ስሕተት ከመጀመሪያው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ የተማረ ሰው ሥራ መስሎ ስለሚታይ የሚያርመው አይገኝምና።

አሁን ወደ ሁምቦ እንመለስ። ሁምቦ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ያለ ወረዳ ነው፤ ዋና ከተማውም ጠበላ ነው። የአገሩ ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ወላይትኛ ነው። ሕፃናቱም ከ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት አጋማሽ ወዲህ በትምህርት ቤት ቋንቋቸውን የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። በዚያ አጻጻፍ የሀ ድምፅ የሚጻፍበት ፊደል አንድ ብቻ ነው፤ የሰም እንዲሁ። ስለዚህ የጠበላ ወጣት አማርኛውን የግርጌ ጽሑፍ ሲያነብ ሀን ከሐ፣ ሰን ከሠ የሚለይበት ልማድ ከቤቱ ይዞ አይመጣም። የሚማረው ካየው ነው። ዛሬ «ሥላሴ» አይቶ ነገ «ስላሴ» ቢያይ ሁለት ቃል ናቸው ወይስ አንድ ብሎ ሊጠይቅ መብት አለው። አማርኛ ተናጋሪው በልማዱ የሚያልፈውን ልዩነት እርሱ በጥንቃቄ ስለሚያነብ አያልፈውም።

ወላይትኛ ተናጋሪው ሰባኪ ሲያስተምርና የግርጌው ጽሑፍ በአማርኛ ሲተረጎም ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሰባኪው «ጦሳ» ሲል ተርጓሚው አንድ ጊዜ «እግዚአብሔር»፣ አንድ ጊዜ «አምላክ» ብሎ ይጽፋል፤ የወላይትኛው ቃል ሁለቱንም ይይዛልና። «ጎዳ» ሲል «ጌታ» ይሆናል። ይህ የፊደል ሳይሆን የትርጉም ነገር ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ ካልተወሰነ ሁለት ተርጓሚዎች በአንድ ትምህርት ላይ ሁለት ስም ይጽፋሉ። የቦታ ስምም ጥንቃቄ ይሻል። የከተማውን ስም ከላቲን ካርታ ላይ «Tebela» ብሎ ያነበበ የሩቅ ጸሐፊ «ተበላ» ብሎ ይጽፈዋል፤ የጠበላ ሰው ግን የከተማው ስም በአማርኛ «ምግብ ሆነ» ማለት ሆኖ ሲያገኘው ደስ አይለውም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድር ነው? መድኃኒቱ አንድ መዝገብ ነው። ቻናሉ ጽሑፍ ከመጀመሩ አስቀድሞ በአንድ ወረቀት ላይ ቅዱሳት ስሞችንና የሥርዓት ቃላትን ይዘርዝር፤ መጀመሪያ መቶ ያህል ቃል ይበቃል። በየቃሉ አንጻር አራት ነገር ይጻፍ፤ የተመረጠው አጻጻፍ፣ የተከለከሉት አጻጻፎች፣ የቃሉ ሥር፣ የወላይትኛው አቻ። ሥሩ መጻፉ ለጌጥ አይደለም። «ትንሣኤ፣ ከነሥአ» ተብሎ የተጻፈለት ወጣት «ተነሣ»ንና «አስነሣ»ንም ማንም ሳይነግረው በንጉሡ ሠ ይጽፋል፤ ሥሩ ያልተነገረው ግን ትንሣኤን ብቻ በቃሉ አጥንቶ ሌላውን ሁሉ ይስታል።

ሥሩን ለማወቅ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ አለ፤ አለቃ ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ለአማርኛውም በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት አለ። ይሁን እንጂ አንባቢ መጻሕፍቱ ሁሉን ነገር ይቆርጡልኛል ብሎ ተስፋ አያድርግ። ደስታ ተክለ ወልድ በመጽሐፋቸው ርእስ ላይ «ዐዲስ» ብለው በዐይኑ ዐ ጽፈዋል፤ ሕዝቡ ግን «አዲስ» ብሎ መጻፉን አልተወም። ከዚህም ሌላ ሊቃውንቱ ራሳቸው ያልተስማሙባቸው፣ በብራናውም በኅትመቱም በሁለት መልክ የሚገኙ ቃላት አሉ። «ማኅሌት» እና «ማሕሌት»፣ «ተሣሃለነ» እና «ተሣሀለነ»፣ «መድኃኔ» እና «መድኀኔ» እንዲህ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ላይ ምክራችን አጭር ነው። መሪጌታውን ወይም አዋቂውን ጠይቁ፤ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፤ በመዝገቡ ላይ ከተመረጠበት ቀን ጋራ ጻፉት፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ አትከራከሩበት። ትርጉም በሚለውጡት ቃላት ላይ ትክክለኛነት ይፈለጋል፤ ትርጉም በማይለውጡት ላይ ጽናት ይበቃል። ብዙው ጭቅጭቅ የሚመጣው እነዚህን ሁለቱን ባለመለየት ነው።

መዝገቡ ከተዘጋጀ በኋላ የቀድሞዎቹን ጽሑፎች ማረም ይቀራል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። ኮምፒውተር ሰና ሠ በድምፅ አንድ እንደ ሆኑ አያውቅም። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሠ `U+1220`፣ ሰ `U+1230` ነው። ስለዚህ «ሥጋ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ስጋ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ይህን ያየ ወጣት በችኮላ «ስጋ የሚለውን ሁሉ ሥጋ አድርግ» ብሎ ያዛል። ለምሳሌ በአንድ ስብከት ፋይል ውስጥ ይህ ቢኖር፦

```
57
00:12:04,200 --> 00:12:07,900
ስጋትህን ትተህ ወደ ቅዱስ ስጋው ቅረብ
```

ትእዛዙ «ስጋው»ን «ሥጋው» ያደርገዋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ከፊቱ ያለውን «ስጋትህን» ደግሞ «ሥጋትህን» ያደርገዋል፤ ፍርሃት የነበረው ቃል ከሥጋ የተወለደ ይመስላል። የሚሻለው አስቀድሞ መፈለግ፣ አንድ በአንድ ማየት፣ ከዚያ በኋላ መለወጥ ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ከፊደላችን ጠባይ የሚመጣ ነው። በላቲን አጻጻፍ ቃሉ ቅጥያ ሲጨመርበት የመጨረሻው ተነባቢ አይለወጥም፤ በእኛ ግን ፊደሉ ራሱ ይለወጣል። «ንጉስ» ብሎ የፈለገ ሰው «ንጉሱ»ንና «ንጉሳችን»ን አያገኝም፤ ስ ወደ ሱ፣ ወደ ሳ ተለውጧልና። እንዲህ ያለ ሰው ሥራዬን ፈጸምሁ ብሎ ሲነሣ ግማሹ ስሕተት በቦታው ይቀራል። ስለዚህ ፍለጋው የፊደሉን ቤት ሁሉ ማጠቃለል አለበት፦

```
grep -nE "ንጉ[ሰሱሲሳሴስሶ]" *.srt
```

ይህች መስመር በፋይሎቹ ሁሉ ውስጥ ሰባቱንም መልክ ፈልጋ ከመስመር ቁጥራቸው ጋራ ታሳያለች፤ ምንም አትለውጥም። ኮምፒውተር የማያውቅ ሰውም ሰባቱን መልክ በየተራ በመጻፍ ያንኑ ማግኘት ይችላል። በዝርዝሩ ውስጥ «ንጉሴ» የሚል ቢወጣ ግን ይቁም፤ ያ የአንድ ሰው ስም ሊሆን ይችላል። የሰው ስም ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይጻፋል እንጂ በመዝገብ አይታረምም። «ሀይሉ» ብሎ የሚፈርመውን ሰው «ኃይሉ» ማድረግ የእኛ ሥልጣን አይደለም። የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ስምም በደጃፏ ሰሌዳ እንደ ተጻፈ ይወሰዳል።

ሌላም ወሰን አለ። አጻጻፍን አንድ ማድረግ ማለት የተናጋሪውን ቃል መለወጥ ማለት አይደለም። ዘማሪው «እግዜር» ካለ «እግዜር» ተብሎ ይጻፍ፤ ይህ የስሕተት አጻጻፍ ሳይሆን የሕዝብ አነጋገር ነውና፣ ወደ «እግዚአብሔር» ቢለወጥ የዜማው ቤት ይፈርሳል፣ የከንፈሩን እንቅስቃሴ የሚከተለውም መስማት የተሳነው ሰው ይታለላል። «እግዚያብሔር» ግን ሌላ ነው፤ ያ የአነጋገር ልማድ ያመጣው አጻጻፍ ነው እንጂ ሌላ ቃል አይደለም። ስሙ «እግዚእ» እና «ብሔር» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሠራ ስለ ሆነ አልፋው አም ሐመሩ ሐም ሊጠፉበት አይገባም። «ኢየሱስ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ አፋችን ኢን ከየ በፊት ስለሚያሳጥራት «እየሱስ» ይሰማል፤ አጻጻፉ ግን በኢ ጸንቶ ኖሯል፤ በሃይማኖት ክፍል የሚለያዩትም ወገኖች በመጽሐፍ ቅዱስ ኅትመታቸው በዚህ ይስማማሉ።

ፊደል ይቀነስ፣ ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ይብቃ የሚሉ ሰዎች ክርክር የቆየ ነው፤ ክርክራቸውም ለዕለት ጽሑፍ ቁም ነገር የሌለው አይደለም። የገበያ ማስታወቂያ ወይም ደብዳቤ በአንድ ሰ ቢጻፍ የሚጠፋ ነገር ጥቂት ነው። ነገር ግን በቅዳሴና በማኅሌት ቪዲዮ ግርጌ የሚጻፈው ቃል ግእዝ ነው፤ በግእዝ ደግሞ መሐረና መሀረ፣ ሠረቀና ሰረቀ ሁለት ሁለት ቃላት ናቸው። ስለዚህ አንድ ቻናል የአማርኛውን ስብከት በፈለገው ሥርዓት ቢጽፍ እንኳ የግእዙን ክፍል ሥሩን ጠብቆ ከመጻፍ በቀር ምርጫ የለውም። ሁለቱ በአንድ ቪዲዮ ውስጥ ስለሚገናኙና አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ሥርዓቱን ሊቀይር ስለማይችል፣ ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ማስኬዱ ይቀላል።

ሥራው በቅደም ተከተል ቢያዝ ከባድ አይደለም። በመጀመሪያ ትርጉም የሚለውጡት ቃላት ይታረሙ፤ እነዚህ ጥቂቶች ናቸው። ቀጥሎ የእግዚአብሔርና የኢየሱስ ስም፣ የሥላሴ፣ የቅዱሳንና የበዓላት ስም ይታረም፤ በብዛት የሚገኙት እነዚህ ናቸውና። ከዚያ በኋላ የሥርዓት ቃላት ይከተሉ። ከሥዕሉ ጋራ የተቀረጸ ጽሑፍ አንዴ ከወጣ ቪዲዮው እንደ ገና ካልተሠራ በቀር አይታረምም። ለብቻው በፋይል የተቀመጠው ግን ቪዲዮው ሳይነካ በታረመው ፋይል ይተካል። ስለዚህ ጽሑፉን በሥዕሉ ላይ የሚያትሙ ቻናሎች ቢያንስ ቅዱሳት ስሞች የሚበዙበትን ክፍል በፋይል እንዲያደርጉት እንመክራለን። አዲስ ጸሐፊም ወደ ሥራው ሲገባ ከስልኩ አስቀድሞ መዝገቡ ይሰጠው፤ የመጀመሪያው ጽሑፉም ከመውጣቱ በፊት ግእዝ በሚያውቅ ሰው ዓይን ይታይ።